ከጥር 20 እስከ ሚያዝያ 20፦ በትርፍ ወራት አምስት በግ አድልቦ መሸጥ

መኸሩ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል። በልጉ ቢዘንብም እህሉ የሚደርሰው ሰኔና ሐምሌ ላይ ነው። በደሴ ዙሪያ፣ በኩታበር፣ በቃሉ ያለ ገበሬ ይህን ጊዜ ያውቀዋል። ለልጅ ደብተር፣ ለዘር፣ ለማዳበሪያ ብር ይፈለጋል፤ የሚሸጠው ግን ጎተራ ውስጥ ያለው የዓመት ቀለብ ብቻ ይሆናል። ብዙ ሰው ኮምቦልቻ ወርዶ የቀን ሥራ ይፈልጋል። አንዳንዱ ዶሮ ይሞክራል፣ አንዳንዱ እህል ገዝቶ ይሸጣል። በእያንዳንዱ የተጠቀመ ሰው አለ። እኔ ግን እዚህ የምጽፈው በደንብ ስለማውቀው አንድ ሥራ ብቻ ነው። ከአውድማው አጠገብ የተከመረውን ጭድና ገለባ ወደ ብር ስለመቀየር፣ ማለትም በግ ስለማድለብ።

ለምሳሌ የምወስደው አምስት በግ፣ ዘጠና ቀን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ከአምስት ባይበልጥ ጥሩ ነው። አምስት በግ አንድ ሰው ጠዋትና ማታ አንድ በአንድ ሊያያቸው ይችላል። አሥር ሲሆኑ የታመመው ሳይታይ ይውላል።

መጀመሪያ ቀኑን ከኋላ ቁጠሩ

ወሎ ውስጥ በግ የሚያደልብ ሰው አንድ ዕድል አለው። ፋሲካም አረፋም የእሱ ገበያ ናቸው። በ2019 ፋሲካ ሚያዝያ 24 ይውላል። አረፋ ደግሞ የጨረቃው ነገር እንዳለ ሆኖ ግንቦት 8 ወይም 9 ገደማ ነው። በመካከላቸው ሁለት ሳምንት ብቻ አለ። ስለዚህ በፋሲካ ያልወጣ በግ ብዙ ሳይቆይ ሌላ ገበያ ያገኛል ማለት ነው።

ፋሲካ ገበያ ላይ መቆም ያለባችሁ ሚያዝያ 20 አካባቢ ነው። ከዚያ ዘጠና ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ። ጥር 20 ትደርሳላችሁ። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ማለት ነው፤ የበዓሉ ግርግር በርዶ ገበያው ረገብ ይላል።

አንዳንዱ ሰው ዐቢይ ጾም እስኪገባ ይጠብቃል፤ በ2019 የካቲት 29 ይገባል። በጾሙ ሥጋ የሚበላው ሰው ስለሚቀንስ በግ ይረክሳል፤ እውነት ነው። ግን ከዚያ እስከ ፋሲካ የሚቀረው 55 ቀን ነው። ከእሱ ላይ የመጀመሪያው ሁለት ሳምንት በጉ አዲሱን ቤትና አዲሱን መኖ እስኪለምድ ያልፋል። የቀረው አርባ ቀን ሥጋ ለማውጣት ያንሳል። ግማሹን በጥር፣ ግማሹን በጾሙ ልግዛ የሚልም አለ። እኔ አልወደውም። በኋላ የሚመጣው በግ ሳል ይዞ ቢመጣ ቀድመው የደለቡትንም ያስይዛቸዋል።

በጉን በእጅ እንጂ በዐይን አትግዙ

የወሎ ደጋ በግ ጸጉሩ ረዥም ነው። ጸጉሩ ዐይንን ያታልላል። ወፍራም መስሎ የታየው ስትነኩት አጥንት ይሆናል፣ ወይም ተቃራኒው። ስለዚህ መዳፋችሁን ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ኋላ፣ ወገቡ ላይ፣ አከርካሪው ላይ ጣል አድርጉ። የአከርካሪው ጫፍ ሹል ሆኖ ከተሰማችሁና ግራና ቀኙ ጎድጓዳ ከሆነ በጉ ከስቷል። ድፍን ብሎ አጥንቱ ካልተገኘ ቀድሞ ደልቧል፤ የሌላ ሰው ድካም ገዝታችሁ ምንም አትጨምሩበትም። የምትፈልጉት መካከለኛውን ነው። አጥንቱ ይሰማል፣ ግን አይወጋም።

ከሲታ በግ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ መኖ አጥቶ የከሳ ነው፤ እሱ እንደ ወርቅ ነው፤ ሲያገኝ ቶሎ ይመለሳል። ሌላው ታሞ የከሳ ነው። ሁለቱን የምትለዩት እንዲህ ነው። የታችኛውን የዐይን ቆብ ገልብጣችሁ እዩ። ቀይ ወይም ደማቅ ሮዝ ከሆነ መልካም ነው። ነጣ ካለ ትል ደሙን እየመጠጠው ነው። ከመንጋጋው ሥር ውኃ የቋጠረ ለስላሳ እብጠት ካለ አትግዙት፤ ብዙ ጊዜ የጉበት ትል ወይም የከበደ የሆድ ትል ምልክት ነው። ረግረግ ሜዳ ላይ የሚግጥ በግ ላይ ይበዛል። ከዚያ ጭራውን ገልጣችሁ ተቅማጥ የደረቀበት መሆኑን እዩ። ትንሽ አስሩጡት፤ ከቆመ በኋላ ካሳለ ተዉት።

ዕድሜውን ከጥርሱ እዩ። ከፊት ያሉት የወተት ጥርሶች ሁሉ ትንንሽ ከሆኑ በጉ አንድ ዓመት አልሞላውም ወይም ገና እየሞላው ነው። መሃል ላይ ሁለት ትልልቅ ጥርሶች ከበቀሉ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል አካባቢ ነው። ለዘጠና ቀን ሥራ የምመርጠው ይህንን ነው። አጥንቱ አድጓል፣ የሚበላው ወደ ሥጋ ይሄዳል። ክብደቱ 20 ኪሎ አካባቢ ቢሆን ይበቃል።

ሁለት ነገር ስለ ሁለቱ በዓላት። ለአረፋ መሥዋዕት፣ ማለትም ለኡድሒያ የሚሆን በግ አንካሳ፣ አንድ ዐይኑ የጠፋ፣ በግልጽ የታመመ መሆን የለበትም። ጆሮው የተቆረጠ ወይም ቀንዱ ከሥሩ የተሰበረ ከሆነም ገዢው ያልፈዋል። ስለዚህ በጋችሁን ለመለየት ጆሮ አትቁረጡ፤ ቀለም ቀቡ ወይም አንገቱ ላይ ጨርቅ እሰሩ። ለፋሲካ ደግሞ ሙክት ይወደዳል። ሙክት ከፈለጋችሁ ቀድሞ የተኮላሸ ግዙ። ዘጠና ቀን ሊያደልቡት ገዝቶ ያን ጊዜ ማኮላሸት ሁለት ሳምንት የሚጠጋ ጊዜ ማባከን ነው፤ ሕመሙ ከመብላት ያስቀረዋል። ያልተኮላሸ ጠቦት እንዲያውም ቶሎ ያድጋል።

የመጀመሪያው ሁለት ሳምንት

ከሞቱ ብዙ ጊዜ የሚሞቱት እዚህ ላይ ነው። በጉ ከወረኢሉ ወይም ከለጋምቦ ደጋ በአይሱዙ ተጭኖ፣ ተርቦ፣ ተጨናንቆ መጥቷል። ደክሟል። የሳንባ ምች የሚይዘው በዚህ ድካም ላይ ነው።

ቤት ሲደርስ መጀመሪያ ውኃና ገለባ ብቻ ስጡት። ፉርሽካ አታሳዩት። የቤታችሁ በግና ፍየል ካለ ለሁለት ሳምንት አታቀላቅሉት። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ጤና ባለሙያ አስጠርታችሁ የሆድ ትል መድኃኒት ይስጠው፤ አልበንዳዞል የተለመደው ነው። ከረግረግ አካባቢ የመጣ ከሆነ ለጉበት ትል የሚሆነውንም ጠይቁ። መጠኑ በኪሎ ስለሚሰላ በግምት አትስጡ። በአካባቢው ያለው ክትባትም በዚሁ ጊዜ ይደረግለት። መድኃኒቱን በመጀመሪያ መስጠት ሌላም ጥቅም አለው፤ እስኪሸጥ ድረስ ከሥጋው ይወጣል።

ማደሪያው ለአንድ በግ አንድ ካሬ ሜትር ይበቃዋል። ለአምስቱ ሁለት በሦስት ሜትር በቂ ነው። ደረቅ መሆኑ ከስፋቱ ይበልጣል። ደሴ በኩል ብርዱ ስለሚከፋ ነፋስ የሚመጣበት ጎን ይገደገድ፣ ይለሰን። ከላይ ግን ትንሽ ክፍት ይተው፤ የታፈነ የሽንት ሽታ ሳንባቸውን ይጎዳል። ራሳችሁ ገብታችሁ ተንበርከኩ። ዐይናችሁን ካቃጠላችሁ እነሱንም ያቃጥላቸዋል። ኮምቦልቻ በኩል ችግሩ ሙቀት ነው፤ ጥላና ውኃ ይቅደም።

መኖው

የቤቱ ገለባ መሠረቱ ነው። ለአንድ በግ በቀን ግማሽ ኪሎ ገደማ አስቡ። ለአምስቱ ለዘጠና ቀን ከሚባክነው ጋር 250 እስከ 300 ኪሎ ይሆናል። የባቄላ፣ የምስር ወይም የጓያ ገለባ ካላችሁ ለእነዚህ አስቀምጡት፤ ከስንዴና ከገብስ ገለባ በጣም ይሻላል። የጤፍ ጭድ መካከለኛ ነው።

ገለባ ብቻውን ግን በግ አያደልብም። ሆድ ይሞላል እንጂ ሥጋ አያመጣም። የሚጨመረው ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ነው። ኮምቦልቻና ደሴ ዱቄት ፋብሪካ ስላለ ፉርሽካ አይጠፋም። ሁለት እጅ ፉርሽካ፣ አንድ እጅ ፋጉሎ ቀላቅሉ። ፉርሽካው ጉልበት ይሰጣል፣ ፋጉሎው ሥጋ ይገነባል። በ100 ኪሎ ድብልቅ ላይ አንድ ኪሎ ጨው ጨምሩ። አሞሌ ካላችሁ አንጠልጥላችሁ እንዲልሱት ማድረግም ይቻላል። ስትገዙ እጃችሁን ከረጢቱ ውስጥ ሰዳችሁ አሽትቱ። ሻጋታ የሸተተውን፣ የተጓጎለውን ርካሽ ነው ብላችሁ አትግዙ።

መጠኑን ቀስ በቀስ አሳድጉ። ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ ለአንድ በግ 50 ግራም፣ አንድ ጭብጥ ማለት ነው። በየሁለት ሦስት ቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመራችሁ በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ 350 እስከ 400 ግራም ድረሱ። ከዚያ በኋላ እዚያው ላይ ቆዩ። አንድ ጊዜ በሚዛን 400 ግራም ለኩና ጣሳ ላይ ምልክት አድርጉ። ከዚያ በኋላ ሚዛን አያስፈልግም፣ ጣሳው ይበቃል። ግማሹን ጠዋት፣ ግማሹን ከሰዓት። መጀመሪያ ትንሽ ገለባ፣ ከዚያ ድብልቁ።

ለምን ይህን ያህል ቀስ እንደምል ልንገራችሁ። በጀመርኩ ዓመት አንዱ በግ ሌሊት ገመዱን ፈቶ ገብስ የተቀመጠበት ክፍል ገባ። ጠዋት ሳየው ቆሟል። ራሱን ዝቅ አድርጎ ጥርሱን ያፋጫል። የግራ ጎኑ ተወጥሯል። ገለባ ሳቀርብለት ዞር አለ። እኔ ጠግቦ ነው ብዬ ተውኩት። ከሰዓት ኮምጣጣ የሚሸት ተቅማጥ ጀመረው። በማግስቱ ሞተ። የበግ ሆድ ገለባ የለመደ ሆድ ነው። እህል ወይም ፉርሽካ በድንገት ሲበዛበት ውስጡ ይኮመጥጣል፣ ኮምጣጤው ደሙ ውስጥ ይገባል። ያን ቀን ማድረግ የነበረብኝ ወዲያው ጤና ባለሙያ መጥራት፣ ከገለባ በቀር ሌላውን መኖ ሁሉ መከልከል ነበር። አሁን ፉርሽካው ያለበት ክፍል ይቆለፋል፤ ቁልፉ ከእኔ ጋር ነው።

ሌላ የምትጠነቀቁት ሽንት ነው። ፉርሽካ ሲበዛና ውኃ ሲያንስ ወንድ በግ ሽንት መውጫው ላይ ጠጠር ይቋጠርበታል፤ ሙክት ላይ ይብሳል። በጉ ወገቡን አጉብጦ እያማጠ ጠብ ጠብ ብቻ ካለው ያው ነው፤ የሚቆይ ነገር አይደለም። መከላከያው ርካሽ ነው። ንጹሕ ውኃ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ጨው፣ ገለባ ደግሞ አለማጉደል።

ኮምቦልቻ አጠገብ ያላችሁ ከቢራ ፋብሪካ የሚወጣውን የገብስ አተላ ማግኘት ትችሉ ይሆናል። ጥሩ መኖ ነው። ግን አብዛኛው ክብደቱ ውኃ ነው። አንድ ኪሎ እርጥብ አተላ የሚተካው 200 ግራም አካባቢ ድብልቅ ብቻ ነው። ዋጋውን በዚያ መዝኑት። ከሁለት ሦስት ቀን በላይም አይቆይም፤ ቆላ ውስጥ ቶሎ ይበላሻል። ደሴ ድረስ ማጓጓዝ በእኔ ግምት አያዋጣም።

በየአስራ አምስት ቀኑ መዝኑ

ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ተንጠልጣይ ሚዛን ከጎረቤት ተዋሱ። በጉን ከረጢት ውስጥ አስገብታችሁ ጠዋት ከመብላቱ በፊት መዝኑ። ሁልጊዜ በዚያው ሰዓት ይሁን፤ የጠገበ በግ ሁለት ኪሎ ሊዋሻችሁ ይችላል።

ለወሎ በግ በዚህ መኖ በቀን 70 ግራም መጨመር ደህና ነው። በአስራ አምስት ቀን አንድ ኪሎ ማለት ነው። ከአንድ ወር በኋላ በአስራ አምስት ቀን ከግማሽ ኪሎ በታች የሚጨምር በግ ካለ አንድ ችግር አለ። ወይ ትሉ አልለቀቀውም፣ ወይ ሌሎቹ እየገፉት ድርሻውን ይበሉበታል። ለብቻው አስራችሁ ለአሥር ቀን መግቡት። ያም ካልረዳው ሳትዘገዩ ሽጡት። የማይጨምር በግ በየቀኑ ገንዘብ ይበላል።

ሒሳቡ

ዋጋው በየሳምንቱ ይለዋወጣል። እኔ የምጠቀመው ለምሳሌ ነው፤ የራሳችሁን ቁጥር ተኩበት።

አምስት በግ በ7,000 ብር ቢገዛ 35,000 ነው። ድብልቁ ለአንድ በግ በዘጠና ቀን 30 ኪሎ አካባቢ ይሆናል። ለአምስቱ 150 ኪሎ፣ ማለትም 100 ኪሎ ፉርሽካና 50 ኪሎ ፋጉሎ። ፉርሽካው በ25፣ ፋጉሎው በ40 ብር ቢሆን 4,500 ብር ነው። መድኃኒት 500፣ ጨው 100፣ ማጓጓዣና የገበያ ወጪ 900። ድምሩ 41,000 ብር።

እያንዳንዱ በግ ከ20 ወደ 26 ኪሎ ደርሶ በ10,500 ቢሸጥ 52,500 ይመጣል። ትርፉ 11,500 ነው።

አሁን ይህን ትርፍ ከፍታችሁ እዩት። ስትገዙ አንዱ ኪሎ 350 ብር ነበር። ስትሸጡ 404 ገደማ ሆኗል። በአንድ በግ ላይ የተገኘው ልዩነት 3,500 ነው። ከእሱ ውስጥ 1,080 ገደማው የመጣው የበዓል ዋጋ ስለጨመረ ነው። 2,420 ገደማው የመጣው እናንተ ካበቀላችሁት ስድስት ኪሎ ነው። ለዚያ ስድስት ኪሎ ያወጣችሁት የመኖ ብር ግን 900 ነው። ስለዚህ የበዓሉ ዋጋ እንደታሰበው ባይጨምር እንኳን ሥራው አይከስርም። በደንብ ካልደለበ ግን የበዓል ዋጋ ብቻውን አያወጣችሁም።

ሌላም ነገር አለ። ከአምስቱ አንዱ ቢሞት 10,500 ይጎድላል። ትርፉ 1,000 ብር ይቀራል። የዘጠና ቀን ልፋት በአንድ በግ ይሄዳል። መድኃኒቱ ላይ 500 ብር ለመቆጠብ የሚያስብ ሰው ይህን ቁጥር ይየው። ለመግዣ የሚበደር ሰው ደግሞ ወለዱን ከላይ ከመጀመሪያው ይደምር። በወር አምስት በመቶ የግለሰብ ብድር ከሆነ 35,000 ላይ በሦስት ወር 5,250 ነው፤ ትርፉን በግማሽ ይቆርጠዋል። እንዲህ ከሆነ በሁለት በግ በራስ ገንዘብ መጀመር ይሻላል።

ሽያጩ

አምስቱን በአንድ ቀን አታውጡ። ሦስቱን ለፋሲካ፣ ሁለቱን ለአረፋ መድቡ። ለአረፋ የሚቀሩት ጆሮአቸው፣ ቀንዳቸው፣ እግራቸው ምንም እንከን የሌለበት ይሁኑ፤ ጥርሳቸውም አንድ ዓመት መሙላታቸውን ያሳይ።

ለፋሲካ ከስቅለት በፊት ባሉት አራት አምስት ቀናት ውስጥ ጥሩ ዋጋ ከመጣ ሽጡ። ቅዳሜ ሹር ከሰዓት ድረስ የያዘ ሰው አንዳንዴ ይቀናዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን መሽቶበት ደላላው ባለው ዋጋ ይሰጣል። ከገበያው ቀን በፊት ባለው ሳምንት ሳትነዱ ሄዳችሁ ዋጋ ጠይቁ። የእናንተን በግ የሚመስል በግ ስንት እንደተሸጠ እዩ እንጂ ስንት እንደተጠየቀ አትስሙ።

ዝቅተኛ ዋጋችሁን ከቤት ወስናችሁ ውጡ። በእኛ ምሳሌ አንዱ በግ ያስወጣው 8,200 ነው። ከእሱ በታች ለፋሲካ አይሰጥም፤ ለአረፋ ይቆይ። ሁለት ሳምንት ተጨማሪ መኖ በምሳሌው ዋጋ 170 ብር አካባቢ ነው፣ ይህን የሚያህል ትዕግሥት አይከብድም። ከደሴ ከተማ ሰው ጋር በስልክ ተዋውቃችሁ ከሆነ ቤት መጥቶ እንዲያይ አድርጉ። ባለፈው ፋሲካ አንዲት ጎረቤቴ ከሦስቱ ሁለቱን በግ ደጃፏ ላይ ነው የሸጠችው። ገዢው መጥቶ ወገቡን ዳሰሰ። «እቴ፣ ይሄስ የተመዘነ ነው?» አላት። ከሳጥኗ ውስጥ የአስራ አምስት ቀን ምዝገባ ያለበትን የልጇን ደብተር አውጥታ ሰጠችው። ሰውየው ገልጦ አየ፣ ከዚያ ብዙ አልተከራከረም።

በጎቹ ከወጡ በኋላ ማደሪያው ውስጥ የዘጠና ቀን በጠጥና የተረገጠ ገለባ ይቀራል። እሱን ዛቁና ከጓሮ ክምሩ፣ አፈር አልብሱት። ሰኔ ላይ ድንቹ ወይም ጎመኑ ሥር ይገባል። ማደሪያውን ደግሞ ጠርጋችሁ ክፍት አድርጋችሁ ፀሐይ ይምታው፤ ቀጣዩ ጥር ድረስ ባዶውን ይክረም።